ኖታችሁን እያነበባችሁ ካሜራውን እንዴት ታያላችሁ?

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ጓደኛ አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ተወልደው ላደጉ ልጆች በዙም አማርኛ ታስተምራለች። የትምህርቱን ኖት ሁልጊዜ በስክሪኑ ግራ በኩል ነበር የምትከፍተው። አንድ ቀን አንድ ተማሪዋ በመሃል አቋረጣትና «ቲቸር፣ እዛ ጋ ማን አለ?» ብሎ ጠየቃት። ማንም አልነበረም። ዓይኗ በየጊዜው ወደ አንድ አቅጣጫ እየሸሸ ሲመለስ አይቶ፣ ከጎኗ የምታየው ሰው ያለ መስሎት ነው።

ማታ ደወለችልኝና አብረን በማስመሪያ ለካን። ላፕቶፗ ባለ 14 ኢንች ነው፤ ኖቱ ከካሜራው 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ግራ፣ 10 ያህል ደግሞ ወደ ታች ርቆ ተቀምጧል። ፊቷ ደግሞ ከካሜራው 45 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ልጁ እውነቱን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ርቀቶችን አብራችሁ ማየት አለባችሁ፦ ጽሑፉ ከሌንሱ ምን ያህል እንደራቀ እና እናንተ ከሌንሱ ምን ያህል እንደራቃችሁ። ሰዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያስቡት። ግን ወደ ኋላ ራቅ ባላችሁ ቁጥር ያው ጽሑፍ ለሌንሱ የቀረበ ይመስላል፣ የዓይናችሁ እንቅስቃሴም ያንሳል። እኔ የምጠቀመው ቀላል ስሌት አለ፦ ከሌንሱ ያላችሁን ርቀት ለ12 አካፍሉት፣ የምታነቡት መስመር ከሌንሱ ከዚያ በላይ ወደ ታች አይውረድ። 72 ሴንቲ ሜትር ላይ ከተቀመጣችሁ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይፈቀድላችኋል ማለት ነው። ይህ ወደ ታች ነው እንጂ ወደ ጎን አይደለም። ዓይን ትንሽ ወደ ታች ሲል ተመልካቹ ብዙም አያስተውለውም፤ ወደ ጎን ሲሄድ ግን ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ጽሑፉ ልክ ከሌንሱ ሥር፣ መሃል ላይ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ላፕቶፑና ወንበሩ

ላፕቶፑን በመጻሕፍት ወይም በካርቶን ከፍ አድርጉት፣ ሌንሱ ከዓይናችሁ እኩል እስኪሆን ድረስ። ጠረጴዛው ላይ ዝቅ ብሎ ከቀረ ጽሑፉ የትም ቢሆን ከላይ ወደ ታች እያያችሁ ነው የምትታዩት። ከዚያ ወንበራችሁን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ከ70 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ መራቅም ዋጋ አለው፦ የላፕቶፑ ማይክ ከድምፃችሁ ይልቅ የክፍሉን ማስተጋባት መያዝ ይጀምራል፣ ፊደሉንም በጣም ማተለቅ ግድ ይሆናል። መራቅ የምትፈልጉ ከሆነ ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ።

ከዚያ መስኮቱ

ዊንዶውስ ላይ ኖትፓድን ነው የምመርጠው። ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ከላይ ያለው የቁልፎች መደዳ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ይህ ደግሞ ጽሑፉን ከሌንሱ ያርቀዋል። ኖትፓዱን ክፈቱ፣ ኖታችሁን ለጥፉ፣ `Word Wrap` የሚለው ምርጫ መብራቱን አረጋግጡ። ካልበራ መስኮቱን ስታጠቡት መስመሩ አይታጠፍም፣ ወደ ቀኝ ተቆርጦ ይቀራል።

አሁን መስኮቱን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት አጥቡትና ጎትታችሁ ከስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ጋር አጋጥሙት፣ ልክ ከሌንሱ ሥር። ቁመቱንም አሳጥሩት፤ ሦስት ወይም አራት መስመር ብቻ ይታይ። ማጠሩ ሆን ተብሎ ነው። ረጅም መስኮት ካለ ዓይን ሳያስበው ወደ ታች ወርዶ የሚቀጥለውን አንቀጽ መፈለግ ይጀምራል። ሦስት መስመር ብቻ ካለ ግን የሚሄድበት ቦታ የለውም። በጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ የመጀመሪያው መስመር ከሌንሱ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ አረፈ፣ የመጨረሻው 6 አካባቢ። በስሌቱ ልክ ውስጥ ነው።

የፊደሉ መጠን 20 አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን እንደየስክሪኑ ይለያያል፤ ወደ ፊት ሳትንጠራሩ ማንበብ መቻላችሁ ነው መለኪያው። በ`Ctrl` እና `+` ማሳደግ ይቻላል። በአንድ መስመር ሦስት ወይም አራት ቃል ከገባ ልክ ነው። የአማርኛ ፊደል ከላቲን ይልቅ ትልቅነት ይፈልጋል፦ ሰ እና ስ፣ በ እና ቡ የሚለያዩት በትንሽዬ ቅጥያ ወይም ስብራት ነው፣ ከሩቅ ሆናችሁ ስታነቡ ደግሞ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ቀጭን ፎንት ከሆነባችሁ ወፈር ያለ ምረጡ፤ ኢብሪማ ከኒያላ ይልቅ ከሩቅ ይነበባል።

ዙሙን ስትነኩ ኖትፓዱ ከኋላው እንዳይደበቅ ፓወርቶይስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ነጻ ፕሮግራም ጫኑና ኖትፓዱ ላይ ሆናችሁ `Win+Ctrl+T` ተጫኑ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከላይ ይቆያል። የዙሙን መስኮት ከሥሩ አድርጉት፣ የራሳችሁን ምስል ደግሞ በ`Hide Self View` ደብቁት፤ የራስ ፊት ዓይንን እንደሚስበው ሌላ ነገር የለም። ስክሪን ማጋራት ካለባችሁ ደግሞ የምታሳዩትን መስኮት ብቻ አጋሩ። ሙሉ ስክሪኑን ካጋራችሁ ኖታችሁን ሁሉም ሰው አብሯችሁ ያነበዋል።

ጽሑፉን ማንቀሳቀስ

ማውሱን ከካሜራው እይታ ውጪ፣ ጭናችሁ አጠገብ አድርጉ። ጠቋሚውን ኖትፓዱ ላይ ተዉት፣ በጎማው ብቻ ታንቀሳቅሱታላችሁ። ዊንዶውስ አንዴ ጎማው ሲዞር ሦስት መስመር እንዲዘል ተደርጎ ነው የሚመጣው፣ ሦስት መስመር ብቻ ለሚታይበት መስኮት ይህ ይበዛል፣ የት እንደነበራችሁ ይጠፋችኋል። የማውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ወደ 1 አድርጉት። ዘዴው ዓይናችሁ መስመሩን ተከትሎ እንዲወርድ ሳይሆን መስመሩ ወደ ዓይናችሁ እንዲመጣ ነው፤ ሁልጊዜ የላይኛውን መስመር ነው የምታነቡት።

አማርኛ ስለሆነ ብቻ የሚመጣ ጣጣ

ይህን ከጓደኛዬ ጋር ስንሞክር ነው ያስተዋልኩት፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብንም እሱ ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ጠባብ መስኮት ውስጥ ደግሞ ግሡ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ይወድቃል። ለምሳሌ፦

```
ይህን ፊደል ከሌላው ጋር
በፍጹም በምንም መንገድ
አናምታታውም
```

ሦስተኛው መስመር ገና ካልታየ፣ ድምፃችሁ ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቁ ነው የምታነቡት፤ አረፍተ ነገሩ አዎንታ ይሁን አሉታ፣ ጥያቄ ይሁን ትእዛዝ የሚታወቀው እዚያ ነው። ከዚያ ዓይን ግሡን ፍለጋ ቀድሞ ይወርዳል። መፍትሔው አረፍተ ነገሩን ማሳጠርና መስመሩን በራሳችሁ `Enter` መስበር ነው፣ ግሡ ከሚያርፍበት ሐሳብ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ፦

```
ይህን ልብ በሉ።
ከሌላው ጋር አናምታታውም።
```

ሌላው ጉዳይ መጥበቅና መላላት ነው። ጽሑፋችን አያሳየውም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል፤ «ገና»ም እንደዚሁ ሁለት ነው። ወረቀት ላይ ስናነብ ዙሪያውን አይተን እንለየዋለን፣ በሦስት መስመር መስኮት ግን ዙሪያው አይታይም። ጓደኛዬ አሁን ከሚጠብቀው ፊደል ቀጥላ ኮከብ ታደርጋለች፣ «አለ*» ብላ። ሁሉም ቃል ላይ ሳይሆን ስታነብ ያደናቀፋት ላይ ብቻ።

መፈተሽ

20 ሰከንድ እያነበባችሁ ራሳችሁን ቅረጹ። ከዚያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ድምፁ ካለ ጆሯችሁ ንግግሩን ተከትሎ ዓይናችሁን አታስተውሉትም። ተመልካቾቻችሁ በስልክ የሚያዩ ከሆነ በስልክ እዩት፤ ትልቅ ስክሪን ላይ የሚታይ ትንሽ መንሸራተት ስልክ ላይ ላይታይ ይችላል።

ብሌኑ ግራ ቀኝ የሚመላለስ ከሆነ መስኮቱ ሰፍቷል፣ አጥቡት። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ካደላ መሃል ላይ አይደለም፤ ሌንሱ ራሱ ከስክሪኑ መሃል ትንሽ ፈቀቅ ያለበት ላፕቶፕ አለ፣ መስኮቱን በሌንሱ እንጂ በስክሪኑ አትለኩ። ሽፋሽፍቱ ወረድ ካለ ወይ ጽሑፉ ወርዷል ወይ እናንተ ቀርባችኋል። ዓይን ሳይርገበገብ ፈጦ ከቀረ ግን ችግሩ የመስኮቱ አይደለም፣ ቃል በቃል እያነበባችሁ ነው። ያኔ ኖቱን ቀንሱት። ጓደኛዬ አሁን በመስኮቱ ውስጥ የምታስቀምጠው የመክፈቻውን ሁለት አረፍተ ነገር፣ የልጆቹን ጥያቄዎችና አዲሶቹን ቃላት ብቻ ነው፤ ሌላውን በራሷ ቃል ትናገረዋለች።

መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ነጩ መስኮት ሁለቱም መስታወት ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ኖትፓዱን ወደ ጥቁር ገጽታ ቀይሩት፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፣ ፊታችሁን የሚያበራ መብራት ደግሞ ከጎን አድርጉ።

በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ ስሌቱ ያው ነው፣ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ስልኩ ቆሞ ሲቀርጽ የፊት ካሜራው ከላይ ነው፣ ጽሑፉም ከላይ ይሁን። ስልኩን አግድም ስታጋድሙት ግን ሌንሱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ጫፍ ይሄዳል፣ ጽሑፍ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ስክሪኑ መሃል ላይ ይተዉታል፤ ያኔ ዓይናችሁ ወደ ጎን ያያል። የጽሑፉን ሳጥን ጎትታችሁ ሌንሱ ወዳለበት ጫፍ አስጠጉት፣ ስፋቱንም አጥቡት። ፕሮግራሙ ሳጥኑን የማያንቀሳቅስ ከሆነ ስልኩን አቁማችሁ ቅረጹ።