የመጋዘኑ ኦቨርታይም ለምን አይገጥምም? ችግርና መፍትሄ

ጅማ ላይ የቡና ወቅት ሲደርስ የመጋዘን ሠራተኛ ያመሻል። በወር መጨረሻ ደግሞ «ብሬ ጎደለ» የሚል ይመጣል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው።

አንዱን እንይ። ደመወዙ 6,240 ብር ነው፣ ውሉ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ማክሰኞ መደበኛ ፈረቃው ማታ 2 ሰዓት ላይ አለቀ፣ ከዚያ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ጆንያ ሲጭን ቆየ። የተከፈለው 130 ብር ነው።

ምልክት፦ ክፍያው በሁሉም ቀን በተመሳሳይ መጠን ያንሳል።

መጀመሪያ የሰዓት ዋጋውን ፈትሹ። እዚህ ደመወዙ ለ240 ተካፍሎ 26 ብር ወጥቷል። 240 ማለት 30 ቀን በ8 ሰዓት ነው፤ የእረፍት ቀኑንም እንደ ሥራ ቀን ቆጥሮታል። ትክክለኛው 48 ሲባዛ በ52፣ ለ12 ሲካፈል 208 ነው። ስለዚህ ሰዓቱ 30 ብር ይሆናል።

ቀጥሎ ማባዣው። 130 ለ4 ሰዓት፣ ከዚያ ለ26 ሲካፈል 1.25 ይሰጣል። ይህ የድሮው አዋጅ 377/1996 የቀን ማባዣ ነው። አንድ ሰው የቆየ ፋይል ኮፒ አድርጎ ቀጥሎበታል ማለት ነው። በአዋጅ 1156/2011 ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 ነው። በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ ውሉ ወይም የኅብረት ስምምነቱ የተሻለ ካለ እሱ ይወሰዳል።

እንግዲህ የማክሰኞው ለሁለት ይከፈላል። እስከ 4 ሰዓት ያለው 2 × 30 × 1.5 = 90 ብር። ከዚያ በኋላ ያለው 2 × 30 × 1.75 = 105 ብር። ድምሩ 195፣ ጉድለቱ 65 ብር ነው።

ምልክት፦ የሰዓቱ ብዛት ልክ ነው፣ ብሩ ግን በዝቷል።

ይሄኛው እኔንም አስቸግሮኛል። ሠራተኛው በእኛ ሰዓት «2:00 – 6:00» ብሎ ይጽፋል። ኤክሴል ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ገብቶ ንጋት 12 ሰዓት የወጣ ይመስለዋል። ልዩነቱ ያው 4 ሰዓት ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም፤ ግን ሁሉም በ1.75 ተባዝቶ 210 ብር ይወጣል። 15 ብር ትርፍ። የማታና የሌሊት ሰዓት ላይ 18 ደምሩ፦

```
=MOD(A2+TIME(18,0,0),1)
```

2:00 ወደ 20:00፣ 6:00 ወደ 0:00 ይቀየራል። የቀን ሰዓት ከሆነ በ18 ፋንታ 6 ነው። ቅጹ ላይ «ቀን/ማታ» የሚል ዓምድ ከሌለ የትኛውን እንደምትደምሩ አታውቁም፤ ጨምሩት።

ምልክት፦ ሳምንቱ ሁሌ ልክ 12 ሰዓት ላይ ይቆማል።

የትርፍ ሰዓት ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። የሁሉም ሰው ሳምንት ልክ 12 ላይ ከቆመ፣ በአንድ እስክሪብቶ ከተሞላ ደግሞ ይብሱን፣ አንድ ሰው ከላይ ቆርጦታል። የበሩን የጥበቃ መዝገብ አምጡና የመውጫ ሰዓቱን አስተያዩ። የተቆረጠ ሰዓት ከተገኘ የተሠራ ሥራ ነውና ይከፈል። ከጣሪያው ማለፉ ግን ለብቻው ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ይሂድ።