እቶን ሁሉን አይበላም

ስዊድን ውስጥ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራትና ሙቅ ውሃ በሚያመርት ጣቢያ ክሬን ነጂ ነኝ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር እነዚሁኑ ስህተቶች አያለሁ።

«እቶኑ ትልቅ ነው፣ እርጥቡንም ይችለዋል።» አይችልም! ከ1 ኪሎ ቆሻሻ 600 ግራሙ ውሃ ከሆነ፣ ውሃውን ለማትነን ብቻ 1.5 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሄዳል። የተለመደው መመዘኛ ደግሞ ቆሻሻው የሚሰጠው ሙቀት ክረምት ከበጋ በኪሎ ከ6 ሜጋጁል እንዳያንስ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባው የረጲ ቆሻሻ ማቃጠያ ጣቢያ ሲመረቅ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። የከተማዋ ቤቶች የሚጥሉት አብዛኛው የምግብ ትራፊና የአትክልት ልጣጭ ነው፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡም ይጨመርበታል። ልጣጭ ቦታው ኮምፖስት እንጂ እሳት አይደለም።

እኔም ሠርቼዋለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ ቸኩዬ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ አንድ ጥግ ሦስት የክሬን ጭብጥ እርጥብ ቆሻሻ ሳልቀላቅል በተከታታይ ከተትኩ። ስክሪኑ ላይ 880 የነበረው ሙቀት 860፣ ከዚያ 845 ሆነ። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሽቅብ ወጣ፤ በደንብ አለመንደዱን የሚያሳብቀው እሱ ነው። ረዳቱ የነዳጅ ማንደጃ በራሱ ተነሣ። የፈረቃ አለቃዬ «ቆሻሻ ለማቃጠል ነዳጅ እየገዛን ነው» ብሎኝ ዝም አለ። በአውሮፓ ሕግ ጋዙ ቢያንስ 850 ዲግሪ ላይ ለ2 ሰከንድ መቆየት አለበት። ስለዚህ አንሣ፣ ከላይ በትን፣ ደግመህ አንሣ። እርጥቡና ፕላስቲኩ እስኪመሳሰል ድረስ።

ጭሱን በዓይን መፍረድ። በብርድ ቀን የሚታየው ነጭ ነገር ባብዛኛው እንፋሎት ነው። የሚያስፈራው ዳይኦክሲን የሚባለው መርዝ ግን አይታይም። በአውሮፓ ሕግ ገደቡም በኪዩቢክ ሜትር 0.1 ናኖግራም ብቻ ነው። እሳቱ ውስጥ ቢጠፋ እንኳ፣ ጋዙ ከ450 ወደ 200 ዲግሪ ሲበርድ አመድ ላይ እንደገና ሊፈጠር ይችላል። ለዚህ ነው ቶሎ የሚቀዘቅዘው፤ ከዚያ ኖራና የከሰል ዱቄት ተነፍቶበት በጨርቅ ማጣሪያ ያልፋል። ማጣሪያው የያዘው አመድ መርዝ ነው። ከእቶኑ ሥር ከሚወጣው ጋር እንዳትቀላቅሉት።

ፒቪሲ ቧንቧ «ፕላስቲክ ነው፣ ጥሩ ይነዳል» ብሎ መክተት። ውስጡ ያለው ክሎሪን አሲድ ሆኖ የቦይለሩን ቱቦ ይበላል፤ ኖራውንም ይጨርሳል።

ባትሪና የሜርኩሪ ቴርሞሜትር። ሜርኩሪ አይቃጠልም፣ ይተናል። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ገና ጉድጓዱ ውስጥ ሳለ እሳት ያስነሣል።

የጋዝ ሲሊንደር። እዚህ ወጣቶች ለመዝናናት የሚስቡት የሳቅ ጋዝ ሲሊንደር በቆሻሻ ከረጢት ተደብቆ ይመጣል። ከክሬኑ ወንበር አይታየኝም። እቶኑ ውስጥ ሲፈነዳ ግን ወንበሬ ይንቀጠቀጣል፣ ሁላችንም ወደ ስክሪኑ እናፈጣለን፦ ግድግዳው ተርፎ ይሆን?