የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ፦ በስም፣ በትምህርት ዘርፍና በደረሰኝ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምዝገባ በበይነመረብ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ቅጹን የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ራሱ አይደለም። መደበኛውን ተማሪ የትምህርት ቤቱ የሪከርድ ሠራተኛ ወይም የተመደበ መምህር ይመዘግበዋል። በግል የሚፈተነውም ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስህተቱ በሌላ ሰው ጣት ይፈጠራል፤ ዓመታት የሚሸከመው ግን ተማሪው ነው። ባሕር ዳር ላይ ይህ ይበልጥ የሚጎዳው ከዘጌ፣ ከመሸንቲና ከጢስ ዓባይ የሚመጡትን ልጆች ነው፤ አንዲት ፊደል ለማስተካከል የጀልባ ወይም የታክሲ ሒሳብ ከፍለው እንደገና መመለስ አለባቸው።

ነገሩን በአንዲት ልጅ ምሳሌ እንየው። ከዘጌ በጀልባ የመጣች፣ ባለፈው ዓመት በመደበኛ ተፈትና ዘንድሮ በግል ልትፈተን የምትመዘገብ እንበል። ስሟም ፀሐይነሽ ገብረ ማርያም ኃይሉ ይሁን።

ስምን በቃል ማስመዝገብ

መዝጋቢው «ስምሽ ማን ነው?» ይላል፤ እሷም ትናገራለች። እሱም በሰማው መሠረት በላቲን ፊደል ይጽፋል። ችግሩ እዚህ ይጀምራል። የአማርኛ ስም በላቲን ሲጻፍ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው አንድ ደንብ የለውም። «ፀሐይነሽ» በአንዱ እጅ TSEHAYNESH፣ በሌላው TSEHAINESH፣ በሦስተኛው SEHAYNESH ይሆናል። «ኃይሉ» HAILU ወይም HAYLU ነው። ሁሉም ሲነበቡ ያው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ውጤት ሲወጣ ገጹ የሚጠይቀው የመመዝገቢያ ቁጥርና የመጀመሪያ ስም ስለሆነ፣ የመጀመሪያ ስሟ እንዴት እንደተጻፈ የማታውቅ ልጅ የራሷን ውጤት ለማየት ትቸገራለች።

መፍትሔው ከቤት ሳይወጡ የሚሠራ ነው። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕትና የፋይዳ መታወቂያ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉና ስሙ ፊደል በፊደል ይነጻጸር። የእኛዋ ልጅ ሰርተፊኬቷ TSEHAINESH ይላል እንበል፤ ትራንስክሪፕቷና ፋይዳዋ ግን TSEHAYNESH ይላሉ። ሁለቱ በሚስማሙበት መመዝገብ አለባት፤ የተለየውን ሰነድ ደግሞ ሰርተፊኬቱን ወደሰጠው አካል ሄዳ እንዲስተካከልላት ማመልከት ትችላለች። ከዚያ ስሟን በትልልቅ የላቲን ፊደላት ወረቀት ላይ ጽፋ ለመዝጋቢው ትሰጠዋለች። በቃል አትናገርም። ይህን ማድረግ መዝጋቢውን አለማመን አይደለም፤ ከኋላው ተማሪዎች ተሰልፈው ለሚጠብቁት ሰው ሥራውን ማቅለል ነው።

ገ/ማርያም ብሎ ማሳጠር

በእኛ አገር ወረቀት ላይ ገ/ማርያም፣ ወ/ሚካኤል፣ ኃ/ሥላሴ ብለን ማሳጠር ልማዳችን ነው፤ የክፍል መምህሩ የስም መጥሪያ ላይ እንዲህ ይጽፋል፣ ከዚያ ወደ ትራንስክሪፕቱ ይሻገራል፣ ከትራንስክሪፕቱም ወደ ምዝገባው። ቅጹ ግን ሦስት ቦታ አለው፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። አባቷ G/MARIAM ተብሎ ከገባ በፋይዳው ላይ ካለው GEBREMARIAM ጋር አይገጥምም።

ከማሳጠር የባሰው ክፍተቱ ነው። GEBRE MARIAM ተብሎ ተለያይቶ ሲጻፍ፣ ጣቱ የፈጠነ ሰው GEBRE የሚለውን በአባት ቦታ፣ MARIAM የሚለውን በአያት ቦታ ያስገባዋል። እንዲህ ሲሆን አያቷ ኃይሉ ከሰነዱ ጠፍተው ልጅቱ «ፀሐይነሽ ገብረ ማርያም» ብቻ ሆና ትቀራለች። ከላይ ሲታይ ስሟ ትክክል ይመስላል፤ ሦስት ቃል አለው፣ የሚያውቃትም ሰው ሲያነበው አይደነግጥም። ለዚህ ነው ስህተቱ ሳይታይ የሚያልፈው። ማወቂያው ሙሉ ስሙን በአንድ ትንፋሽ አለማንበብ ነው፤ «የአባት ስም የሚለው ቦታ ላይ ምን ተጽፏል? የአያት የሚለውስ?» ብሎ ለየብቻ መጠየቅ። ጥምር ስም ያለው ሰው ፋይዳው ላይ ተያይዞ ከተጻፈለት ምዝገባውም ላይ ተያይዞ እንዲጻፍለት ይጠይቅ።

ባሳደገው ሰው ስም መጠራት

በጣና ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች ብዙ ልጆች ለትምህርት ሲሉ ከተማ ካለ አጎት ወይም አክስት ጋር ያድጋሉ። ትምህርት ቤት ያስገባቸው አጎት ስለሆነ በእሱ ስም ይመዘገባሉ፤ የልደት የምስክር ወረቀቱ ደግሞ በወላጅ አባት ስም ነው። ሌላው በክርስትና ስሙ ፋይዳ ያወጣና በቤት ስሙ ትምህርቱን ይጨርሳል። ይህ የፊደል ስህተት አይደለም፤ በምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ማንም ሊያስተካክለው አይችልም። የስም ለውጥ በፍርድ ቤት ውሳኔ የሚሠራ ነውና ጊዜ ይፈልጋል። ወላጆችና አሳዳጊዎች ይህን በ12ኛ ክፍል የምዝገባ ሳምንት ሳይሆን ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ማየት አለባቸው። የዘገየውም ቢሆን ዛሬውኑ ይጀምር እንጂ በአዲስ ስም ልመዝገብ ብሎ ሌላ መደናገር አይፍጠር፤ የትራንስክሪፕቱ ባለቤትና የፈተናው ባለቤት አንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት የባሰ ያስቸግራል።

የፋይዳው መረጃ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ቅድሚያ የሚስተካከለው እሱ ነው። ፋይዳ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ መጠየቅ የጀመረው ከ2017 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ የስሙን መመሳሰል ችላ የምንለው ነገር አይደለም። ቁጥሩን ስትሰጡም ልብ በሉ፦ ፋይዳ ባለ 12 አሃዝና ባለ 16 አሃዝ ሁለት ቁጥሮች አሉት። ቅጹ የትኛውን እንደሚጠይቅ አይቶ ያንኑ መስጠት ነው።

የልደት ቀንን ከሁለት የዘመን አቆጣጠር ማደባለቅ

መስከረም 12 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 2006 ትወለዳለች። ዓመቱን ቀይሮ ቀኑን እንዳለ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ፋይዳው ላይ ካለው ጋር አስተያዩት፣ በቂ ነው።

የትምህርት ዘርፍን «ኋላ ይስተካከላል» ብሎ ማለፍ

ተፈታኙ በቅጹ ላይ አንድ በአንድ የሚመርጠው የትምህርት ዓይነት ብዙም የለም፤ ዘርፉ ሲመረጥ ትምህርቶቹ ተከትለው ይመጣሉ። በቅርብ ዓመታት እንደነበረው የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኝ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል፤ የማኅበራዊ ሳይንሱ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ፋንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ አለው። ብዙዎች የሚዘነጉት ሒሳቡን ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም የሁለቱ ዘርፎች የሒሳብ ፈተና የተለያየ ነው።

አንዲት ምልክት የተሳሳተ ቦታ ላይ ስትገባ ዳፋዋ ብዙ ነው። ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ከጀመሩ ወዲህ ሁለቱ ዘርፎች በተለያየ ዙር ስለሚፈተኑ፣ በስህተት ማኅበራዊ ተብሎ የተመዘገበ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሚገባበት ቀንም ይለወጣል፤ የሚቀርብለትም ያልተማረው የትምህርት ዓይነት ነው። በግል የሚፈተኑት ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። «ባለፈው ዓመት ፊዚክሱ ስለከበደኝ ዘንድሮ ማኅበራዊ ልሞክር» የሚል ልጅ አጋጥሞኛል። ትራንስክሪፕቱ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ፊዚክስና ኬሚስትሪ ይዞ ሳለ በማኅበራዊ ዘርፍ መመዝገብ ሁለት ዓመት ያልተማሩትን ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ በጥቂት ወራት ለመሸፈን መነሣት ነው። እኔ አልመክረውም። ዘርፉ ከትራንስክሪፕቱ ጋር ይስማማ፣ ከዚያ የከበደው ትምህርት ላይ ይሠራ።

ማየት የተሳነው ወይም ሌላ ጉዳት ያለበት ተማሪም ይህ በቅጹ ላይ መሞላቱን ያረጋግጥ። ድጋፍ ሰጪና አንባቢ የሚዘጋጀው በቅድሚያ በተላከው ዝርዝር መሠረት እንጂ በፈተናው ጠዋት አይደለም።

ደረሰኙን ለከፈለው ሰው መተው

ክፍያ ያለበት ተመዝጋቢ፣ በተለይ በግል የሚፈተነው፣ መክፈሉ ብቻ አይበቃውም፤ ክፍያው የእሱ መሆኑን ማሳየት መቻል አለበት። ወደ ፀሐይነሽ እንመለስ። የባንክ ሒሳብ ስለሌላት ጥሬ ገንዘቡን ለኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሰጠች፤ እሱም በራሱ ሒሳብ ከፈለላት። በዚያው ሰዓት ለሌሎች አራት ልጆችም ከፍሏል። አምስቱም ክፍያዎች ከአንድ ሰው፣ በአንድ መጠን፣ በተቀራራቢ ደቂቃ የወጡ ናቸው። የማጣቀሻ ቁጥሮቹን ወደ ቅጹ ሲገለብጥ የሁለት ልጆችን ቢያቀያይር የሚያውቅ የለም፤ የሚታወቀው ከሁለቱ አንዷ «ይህ ቁጥር ሌላ ሰው ተጠቅሞበታል» ስትባል ነው።

ይህን የሚከላከለው «ለምን ተከፈለ» የሚለው ቦታ ነው። ባዶ አይተው፤ የተመዝጋቢው ሙሉ ስም ይጻፍበት። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተላከ ክፍያ FT ብሎ የሚጀምር ባለ 12 ፊደልና አሃዝ ማጣቀሻ አለው። ከ FT ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች የጎርጎርዮስ ዓመቱን፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ በዚያ ዓመት ስንተኛው ቀን እንደሆነ ያመለክታሉ። FT25045 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የ2025 አርባ አምስተኛ ቀን፣ ማለትም የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የካቲት 20 ገንዘብ ሰጥታ በዚህ የሚጀምር ቁጥር ከተሰጣት ያ ክፍያ የእሷ አይደለም። የመጨረሻዎቹ አምስቱ ፊደልና አሃዝ የተቀላቀለባቸው ስለሆኑ ዜሮን ከ O፣ አንድን ከ I መለየት ያስፈልጋል፤ በእጅ ከመገልበጥ ከመልእክቱ ላይ ቀድቶ መለጠፍ ይሻላል።

ኔትወርክ ሲዘገይ ደግሞ ድጋሚ መክፈል አለ። ክፍያው ተቋርጦ ከታየ እንደገና ከመጫን በፊት የሒሳቡን ቀሪና የባንኩን መልእክት ማየት ያስፈልጋል። በቴሌብር የከፈለም በስልኩ የግብይት ዝርዝር ውስጥ ያገኘዋል።

ከቅርንጫፍ የሚሰጠው ወረቀት ብዙውን ጊዜ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ኪስ ውስጥ ሲቆይ ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ በዕለቱ ፎቶ ይነሣ። ፎቶው የከፋዩን ስም፣ የተቀባዩን ስም፣ መጠኑን፣ ሰዓቱንና ማጣቀሻውን አንድ ላይ ማሳየት አለበት። «ተሳክቷል» የሚለውን አረንጓዴ ምልክት ብቻ ቆርጦ ማስቀረት ማስረጃ አይሆንም።

ዝርዝሩን ሳያነቡ መፈረም

ምዝገባው ከተሞላ በኋላ ትምህርት ቤቶች ዝርዝሩን አትመው ይለጥፋሉ፣ ያስፈርማሉ። ብዙ ተማሪ ስሙን ፈልጎ ሲያገኝ ደስ ይለውና ይፈርማል። የሚታየው ስም ብቻ አይደለም፤ ጾታ፣ ዘርፍ፣ የልደት ቀንና ፎቶውም ነው። አብረው የሚማሩ ልጆች ፎቶ የሚቀያየረው ፋይሎች በስም ሳይሆን በተራ ቁጥር ሲጫኑ ነው። ስህተት ካለ ከመፈረም በፊት በጽሑፍ ይገለጽ፤ ያመለከተበትም ወረቀት ቅጂ ከደረሰኙና ከታተመው የምዝገባ ቅጽ ጋር በአንድ ፖስታ ይቀመጥ፣ ሰርተፊኬቱ እጅ እስኪገባ ድረስ።