አንድ መልስ፣ 5 እና 2፦ የቃለ መጠይቅ ነጥባችን እንዴት ተስተካከለ

ኮምቦልቻ ላለው መጋዘናችን ስቶር ኪፐር ስንፈልግ፣ ለአንዷ አመልካች እኔ 5 ስሰጣት ባልደረባዬ 2 ሰጣት። ለሁሉም የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር። አማካይ ማውጣት ልዩነቱን ደበቀው እንጂ አልፈታውም።

የሠራልን ከየነጥቡ ጎን የሚጠበቀውን መልስ መጻፍ ነው። ጥያቄው "ቆጠራው የዕቃ ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ቢን ካርድ 12 ካርቶን ቢጎድል ምን ታደርጊያለሽ?" የሚል ነው። "ለአለቃ እነግራለሁ" ብቻ ካለች 1። ደግማ ቆጥራ ካሳወቀች 3። የገቢና የወጪ ደረሰኞችን ከካርዱ ጋር አመሳክራ ጉድለቱን በጽሑፍ ካሳወቀች 5። "ካርዱን አስተካክለዋለሁ" ካለችም 1 ነው፤ ጉድለት መደበቅ ነዋ!

መልሱ እንዳለቀ እያንዳንዳችን ለየብቻ ነጥብ እንሞላለን። ውይይቱ ከዚያ በኋላ ነው። የዚያችን አመልካች መልስ ከማስታወሻችን አውጥተን እንደገና ስናርም ሁለታችንም 3 ላይ ተገናኘን።