ደብተራችን ላይ ያለው እኩል ነው፤ ወለዱ ለምን ተለያየ?

ችግሩ፦ ሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ ወለድ ሲደለደል፣ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን አዳማ ቢሮ መስኮት ላይ የሚመጣው ቅሬታ ያው ነው። ዘንድሮ ያነሳው አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ነው። «ሦስታችንም ደብተር ላይ 12,000 ብር አለ። ለመምህሯ 390፣ ለባጃጅ ሾፌሩ 450፣ ለእኔ 120 ብር። ምን አጥፍቼ ነው?» ምንም አላጠፋም። ሦስቱም ስለፈቀዱልን ሒሳባቸውን እዚህ እናሳያለን።

ምክንያቱ፦ ወለድ የሚታሰበው ሰኔ 30 ላይ ባለው ብር ሳይሆን ብሩ ማኅበሩ ዘንድ በቆየበት ጊዜ ነው። ለአበዳሪነት ያገለገለን የቆየው ብር ነዋ። ስለዚህ የየወሩን ተቀማጭ እንደምራለን፤ ድምሩን «ብር-ወር» እንለዋለን። እስከ ወሩ 5 የገባ ብር ለዚያ ወር ይቆጠራል፤ ከዚያ ያለፈው ለቀጣዩ ይሻገራል። በወሩ መሃል ወጪ ካለ የሚያዘው ዝቅተኛው ቀሪ ነው።

መምህሯ ከሐምሌ ጀምሮ በየወሩ 1 ቀን 1,000 ብር አስገብታለች። ሐምሌ 1,000፣ ነሐሴ 2,000 እያለ ሰኔ ላይ 12,000 ይደርሳል፤ ሲደመር 78,000 ብር-ወር።

ነጋዴው ሽንኩርቱን ሸጦ 12,000 ብሩን ግንቦት 3 በአንዴ አስገባ። የግንቦትና የሰኔ ብቻ ስለሆነ 24,000 ነው።

ሾፌሩ ሐምሌ 1 ቀን 12,000 አስገብቶ ነበር። ጥር አጋማሽ ላይ ለጎማ 9,000 አወጣ፣ ሰኔ 10 መለሰ። እስከ ታኅሣሥ ስድስት ወር በ12,000 ሲባዛ 72,000፤ ከጥር እስከ ሰኔ ስድስት ወር በ3,000 ሲባዛ 18,000፤ ድምሩ 90,000። ሰኔ 10 የመለሰው 5 ስላለፈው ለሰኔ አልረዳውም።

የሦስቱ ድምር 192,000፣ የደረሳቸው ወለድ 960 ብር። ለአንድ ብር-ወር ግማሽ ሳንቲም ይሆናል፤ በዓመት 6 በመቶ ማለት ነው። በሰኔ 30 ቀሪ ብንደለድል ኖሮ ለእያንዳንዱ 320 ይደርስ ነበር፤ ነጋዴው ይደሰታል፣ ዓመቱን ሙሉ የቆጠበችው መምህርት ግን 70 ብር ታጣለች።

መፍትሔው፦ ደብተራችሁን ይዛችሁ ራሳችሁ ሥሩት።

```
ድርሻ = ጠቅላላ ወለድ × የእርስዎ ብር-ወር ÷ የሁሉም ብር-ወር
```

ካልገጠመላችሁ መጀመሪያ ጳጉሜን እዩ። ብዙ ሰው እንደ አንድ ወር ይቆጥራትና 13 ወር ያደርገዋል፤ እኛ ከነሐሴ ጋር እንይዛታለን። ቀጥሎ ቀኑን እዩ። በባንክ ግንቦት 4 ያስገባችሁትን ስሊፑን ግንቦት 9 ብታመጡልን፣ የሚያዘው የስሊፑ ቀን ነው። ደብተሩ ላይ 9 ተብሎ ከተጻፈ ስህተቱ የእኛ ነው፤ ስሊፑን አምጡ፣ እናስተካክላለን።

የዕጣ ትርፍ ክፍፍል ሌላ ሒሳብ ስለሆነ ከዚህ ጋር አትደምሩት።

በዚህ አሠራር ወር በገባ በ6ኛውና በ29ኛው ቀን የገባ ብር እኩል ነው የሚታየው። በየቀኑ ማሰብ የበለጠ ፍትሐዊ እንደሆነ እናውቃለን፤ በእጅ መዝገብ ግን አይቻለንም።