የሰሃራ አቧራ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በጁን 2020 አጋማሽ ከሰሃራ በረሃ ምዕራባዊ ክፍል የተነሳ አቧራ አትላንቲክን አቋርጦ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ የካሪቢያን ደሴቶችን ሸፈነ። በአንዳንድ ደሴቶች የአየር መለኪያዎች በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ400 ማይክሮግራም በላይ PM10 መዘገቡ። ይህም መጠናቸው ከ10 ማይክሮን የማይበልጥ ቅንጣቶች ክብደት ማለት ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ24 ሰዓት አማካይ የሚመክረው ጣሪያ 45 ነው። ከጁን 25 ጀምሮ ደግሞ ያው አቧራ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ቴክሳስን ጨምሮ የአሜሪካን ደቡብ አዳረሰ። እንዲህ ያለ አቧራ በየዓመቱ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በጋ፣ ማለትም ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት ወራት ይሻገራል፣ ያን ዓመት የተለየው በብዛቱ ነው። አቧራው በመጣ ቁጥር ግን የሚደጋገሙ የአረዳድ ስህተቶች አሉ። አንዳንዶቹ ጤና ላይ ጉዳት ያመጣሉ።

አቧራውን ነፋስ በቀጥታ የሚያነሳው መምሰሉ

ደቃቁ ነገር ቀላል ስለሆነ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ይመስለናል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። የጤፍ ዱቄት እርስ በርሱ እንደሚያያዝ ሁሉ፣ ከጥቂት ማይክሮን የማይበልጡ የአፈር ቅንጣቶችም ተጣብቀው ስለሚቀመጡ ነፋስ ብቻውን አያላቅቃቸውም። ነፋስ በቀላሉ የሚያንቀሳቅሰው ወደ 100 ማይክሮን የሚጠጋውን ደቃቅ አሸዋ ነው። ደረቅና የተጋለጠ መሬት ላይ በሰከንድ ከ6 እስከ 8 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ሲነፍስ የአሸዋው ቅንጣት ትንሽ ከፍ ብሎ ይዘልና ተመልሶ መሬቱን ይመታል። በየምቱ ተጣብቆ የነበረው ደቃቅ አፈር ይፈነጠራል። ባሕር የሚሻገረው ይህ የተፈነጠረው ነው። አሸዋው ራሱ ሩቅ ሳይሄድ ይወድቃል።

ስለዚህ የነፋሱን ፍጥነት ብቻ አይቶ አቧራ ይመጣል አይመጣም ማለት አይቻልም። ዝናብ ያረጠበው፣ ሣር የያዘው ወይም ቅርፊት የሠራ መሬት በኃይለኛ ነፋስም ጸጥ ይላል። ያ ቅርፊት በመኪና ጎማ ወይም በከብት ኮቴ ከተሰበረ ግን ያው መሬት በመጠነኛ ነፋስ ይነሳል።

ምንጩን በአሸዋ ክምሮች ውስጥ መፈለግ

የአሸዋ ክምር ደቃቁን ለረጅም ዘመን በነፋስ ተነጥቆ ያለቀ ነው። አቧራ የሚበዛው ውሃ ደለል አምጥቶ ትቶት በደረቀበት ቦታ ነው። በሰሜን ቻድ ያለው የቦዴሌ ረባዳ ለዚህ የታወቀው ምሳሌ ነው። ቦታው የጥንቱ ግዙፍ የቻድ ሐይቅ ወለል ሲሆን፣ በሐይቁ ይኖሩ የነበሩ ጥቃቅን ዋቅላሚዎች የተዉት ነጭና ቀላል ቅርፊት ሞልቶታል። በቲቤስቲና በኤኔዲ ተራሮች መካከል የሚጠብበው ነፋስ በዚያ ላይ ያልፋል። ሌሊት ነፋሱ ከመሬት ከፍ ብሎ ይፈጥናል፤ ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ይናወጥና ፍጥነቱ ወደ ታች ይወርዳል። አቧራው ብዙ ጊዜ ረፋዱ ላይ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉንም አቧራ ለቦዴሌ መስጠትም ትክክል አይደለም። የቦዴሌ ወቅት በአመዛኙ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ክረምትና ጸደይ፣ ማለትም ከዲሴምበር እስከ ሜይ ያለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ የሚነሳው ዝቅ ብሎ እየተጓዘ ወደ ደቡብ አሜሪካ ያመራል። የጁን 2020ው ዓይነት የበጋ አቧራ በዋናነት የሚነሳው ከማሊ፣ ከአልጄሪያና ከሞሪታኒያ አካባቢ ሲሆን፣ ከፍ ብሎ ወደ ካሪቢያን ይሄዳል።

ሰማይን አይቶ የሚተነፍሱትን አየር መገመት

በብዛት የሚሠራው ስህተት ይህ ይመስለኛል። በበጋ ከሰሃራ የሚወጣው አየር ሞቃትና ደረቅ ነው። የአፍሪካን ጠረፍ ሲለቅ በቀዝቃዛውና እርጥብ በሆነው የባሕር አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ከባሕር ወለል ከ1.5 እስከ 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ይጓዛል። በሳተላይት ምስል የምናየው ያ ቡናማ ጨርቅ መሰል ነገር አቧራው ምን ያህል እንደሆነ እንጂ በምን ከፍታ እንዳለ አይነግረንም።

አቧራው እንዴት ወደ መሬት ይወርዳል? በራሱ ክብደት ብቻ ቢሆን 10 ማይክሮን የሆነ ቅንጣት በቀን 700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። 2 ማይክሮን የሆነው ግን በቀን 30 ሜትር እንኳ አይሞላም። ደቃቁ ከሳምንት በላይ ተጉዞ ቴክሳስ የሚደርሰው ስለዚህ ነው። ከላይ ወደ አፍንጫችን የሚያወርደው በአብዛኛው የቀኑ የአየር ንውጠት ነው። ማለዳ ሰማዩ ነጥቶ፣ ፀሐይዋም ደብዝዛ እያለ የመሬት መለኪያው ዝቅተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይገላበጥና ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ይወጣል። ማለዳ ቁጥሩን አይቶ «ዛሬ ምንም የለም» ብሎ አስም ያለበትን ልጅ ከሰዓት ሜዳ ላይ ኳስ እንዲጫወት መልቀቅ አደጋ ነው። በየሰዓቱ የሚለወጠውን ቁጥር ይመልከቱ፤ የ24 ሰዓት አማካይ ይህን መውጣትና መውረድ ይደብቀዋል።

PM2.5ን ብቻ ማየት

ብዙዎቹ የስልክ መተግበሪያዎች ፊት ለፊት የሚያሳዩት PM2.5ን ነው። ለጭስ ይህ ጥሩ መለኪያ ነው፤ የበረሃ አቧራ ግን አብዛኛው ክብደቱ ከ2.5 ማይክሮን በሚበልጡ ቅንጣቶች ላይ ነው። በአቅራቢያዎ ያለው ጣቢያ PM10 የማይለካ ከሆነ የችግሩ ትልቅ ክፍል አይታይም። ቤት ውስጥ የሚሰቀሉት ርካሽ የሌዘር መለኪያዎችም PM10 ብለው ቁጥር ቢያወጡም ትላልቆቹን ቅንጣቶች በደንብ ስለማይቆጥሩ በአቧራ ቀን ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ያሳያሉ።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ግን ብዙ ይናገራል። PM10 180፣ PM2.5 ደግሞ 60 ቢሆን ደቃቁ ከጠቅላላው ሲሶ ብቻ ነው፤ ይህ የአቧራ መልክ ነው። PM10 70 ሆኖ PM2.5 60 ከሆነ ግን አቧራ ሳይሆን ጭስ ወይም የመኪናና የፋብሪካ ብክለት ይጠርጥሩ። ይሁንና በአቧራው ምሳሌ ውስጥ ያለው 60ም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለPM2.5 በ24 ሰዓት የሚመክረው 15 ነው፣ እነዚህ ቅንጣቶች ደግሞ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባሉ። ትላልቆቹ ከጉሮሮና ከመተንፈሻ ቱቦ ብዙም አያልፉም፤ አስም የሚቀሰቅሱት ግን እነሱም ናቸው።

በሻሽ ወይም በነጠላ ተከናንቦ መውጣት፣ ቤትን በደረቁ መጥረግ

ጨርቅ ዓይን የሚያየውን አሸዋ ይከላከላል፤ ደቃቁን ግን በብዛት ያሳልፋል። የሐኪም ማስክም ጉንጭ ላይ ስለማይገጥም አየሩ በጎን ይገባል። የሚረዳው N95 የተባለው ማስክ ወይም ተመሳሳዩ ሲሆን፣ እሱም ፊት ላይ በደንብ ከተለጠፈ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ መስኮት ይዘጋል፤ የአየር ማቀዝቀዣው ከውጭ አየር የሚስብ ከሆነ የውስጡን ብቻ እንዲያዞር ይደረጋል። ሰማዩ ከጠራ በኋላ ወለሉና የመስኮቱ ደፍ ላይ የተኛውን አቧራ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ያንኑ ደቃቅ መልሶ ወደ አየር ያስነሳዋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ጨርቁም ሳይደርቅ ይታጠብ።