ክርንና ጉልበት ሲታጠፉ ለምን ይሰበራሉ? ችግርና መፍትሄ

በኮምፒውተር አኒሜሽን ውስጥ በቁርጥራጭ የተሠራ ገጸ ባህሪ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጤነኛ ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ሲታጠፍ ነው። ስለዚህ እንቅስቃሴ ከመጀመራችሁ በፊት ክርኑን 90 ዲግሪ፣ ከዚያም 120 ዲግሪ አጥፋችሁ እዩት።

ክርኑ ላይ ክፍተት ይታያል

ብዙ ጊዜ ሁለቱ የክንድ ክፍሎች ጫፋቸው ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ሁለቱንም በክብ ጨርሷቸው። ክንዱ ክርኑ ጋ 40 ፒክስል ስፋት ካለው፣ የሁለቱም ክብ ዲያሜትር 40 ይሁን። ከዚያ አንዱን ክብ በሌላው ላይ በልኩ አስቀምጡት።

ክቦቹ ልክ ሆነው ክፍተቱ ካልጠፋ ፒቮቱን፣ ማለትም ክፍሉ የሚዞርበትን ነጥብ ጠርጥሩ። ክብ በራሱ መሀል ላይ ሲዞር ቅርጹ ከቦታው አይነቃነቅም። ፒቮቱ ከመሀሉ 5 ፒክስል ከራቀ ግን፣ ክርኑ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ክቡ 7 ፒክስል ያህል ይንሸራተታል። ለማረጋገጥ የታችኛውን ክንድ ለጊዜው ቀይ ቀቡትና ግማሽ ግልጽ አድርጋችሁ አዙሩት። የቀዩ ክብ ጠርዝ ከላይኛው ክብ ከወጣ ፒቮቱን ወደ መሀል መልሱት።

ክርኑን የሚያቋርጥ ጥቁር መስመር አለ

ይህ ከላይ የተደረበው የክንድ ክፍል የዙሪያ መስመር ነው። መስመሩን አጥፍቶ መገላገል ያምራል፤ ግን ክንዱ ሲታጠፍ የውጭው ጠርዝ ባዶ ይቀራል። የሚሻለው መስመርና ቀለምን በየሌየሩ መለየት ነው። የሁለቱም ክፍሎች መስመር ከታች፣ የሁለቱም ቀለም ከላይ ይሁን። ቀለሙ የመስመሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ያቁም። ያኔ የአንዱ ቀለም የሌላውን ትርፍ መስመር ይሸፍናል፤ የውጭው መስመር ይቀራል።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። ክንዱ በጣም ሲታጠፍ የውስጠኛው እጥፋት መስመርም አብሮ ይሸፈንና ክርኑ ድፍን ይሆናል። ለእንዲህ ያለ አቋም ለብቻው የተሳለ ክርን አዘጋጅታችሁ ቀይሩ። እኔ ከዚህ የተሻለ ውጤት አላየሁም።

ጉልበቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል ወይም ድንገት ይዘላል

ይህ የሚመጣው ቁርጭምጭሚቱን ስትጎትቱ ጉልበቱን ፕሮግራሙ ራሱ ሲያሰላ ነው። እግሩ ፍጹም ቀጥ ብሎ ከተሳለ የትኛው ወገን ፊት እንደሆነ ፕሮግራሙ አያውቅም። ጉልበቱን ገና ከመነሻው ጥቂት ወደ ፊት አጥፉት።

መዝለሉ ሌላ ነገር ነው። ጭኑም ቅልጥሙም 100 ፒክስል ናቸው እንበል። ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት 200 ሲሆን እግሩ ተወጥሯል። ርቀቱ 199 ሲሆን ጉልበቱ በአንዴ ከ11 ዲግሪ በላይ ይታጠፋል። ከ198 ወደ 197 ሲወርድ ግን ለውጡ 4 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በእርምጃ መሀል እግሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይወጠር ዳሌውን ጥቂት ፒክስል ዝቅ አድርጉት።